ከባዱ ነው ወይስ ቀላሉ ቀድሞ የሚመለሰው? የአርባ ደቂቃ የሳይንስ ትምህርት ዕቅድ

በመመርመር መማር በሚባለው የማስተማር ዘዴ፣ ተማሪው ሕጉን ከመምህሩ አፍ ከመስማቱ በፊት ማስረጃውን በእጁ ይሰበስባል። መጀመሪያ ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪው ግምቱን ይሰጣል፤ ግምቱን በሙከራ ይፈትናል፤ ያገኘውን ቁጥር ይዞ ይከራከራል፤ ስያሜውና ማብራሪያው የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዘዴው በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቸገረው በሐሳቡ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት አርባ ደቂቃ ነው። ሙከራው ሠላሳ አምስት ደቂቃ በልቶ ደወል ሲደወል፣ ውይይቱም ምዘናው ም ሳይደረግ ይቀራል፤ ተማሪውም ሲጫወት ቆይቶ ይወጣል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ዕቅድ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚወሰነው ምን እንደሚተው ነው።

ለአርባ ደቂቃ የሚበቃ ጥያቄ ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል። መልሱ በሁለት ደቂቃ ሙከራ መታየት አለበት፤ ዕቃው ከሠፈር ሱቅ መገኘት አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አብዛኛው ተማሪ በልበ ሙሉነት የሚሳሳትበት መሆን አለበት። ፔንዱለም ሦስቱንም ያሟላል። ፔንዱለም ማለት በክር ጫፍ ታስሮ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነገር ነው። ጥያቄው ደግሞ ይህ ነው፤ ዕቃው ሄዶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ የሚያረዝመው ወይም የሚያሳጥረው ምንድን ነው? ክብደቱ ነው? የተለቀቀበት ርቀት ነው? ወይስ የክሩ ርዝመት?

ጥያቄው በትምህርት ጥናት ውስጥ ታሪክ አለው። የስዊዘርላንድ ሊቃውንት የሆኑት ዣን ፒያዤና ቤርብል ኢንሄልደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ባሳተሙት ሥራ፣ የልጆችን አስተሳሰብ ለማወቅ ከተጠቀሙባቸው ሙከራዎች አንዱ ይህ ነበር። ልጆቹ ክርና የተለያየ ክብደት ይሰጣቸውና ምክንያቱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ይደረጋል። ትንንሾቹ ልጆች ክሩንም ክብደቱንም በአንድ ጊዜ ይለውጡና ለውጡን ያመጣው ክብደቱ ነው ይላሉ። ከፍ ያሉት ግን አንዱን ብቻ እየለወጡ ሌላውን ባለበት ማቆየት ይጀምራሉ። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ናቸው፤ ትምህርቱም ለእነርሱ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ምን ያህል ክፍት ይሁን የሚለው ደግሞ ሌላ ውሳኔ ነው። መምህሩ ጥያቄውንም አካሄዱንም መልሱንም ሰጥቶ ተማሪው እንዲያረጋግጥ ብቻ ማድረግ ይችላል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ተማሪው ጥያቄውን ራሱ እንዲያመጣ መተው ይችላል። ሁለተኛው በአርባ ደቂቃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለርእሱ አዲስ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ መሪ እንዲመረምር ሲለቀቅ አእምሮው ከአቅሙ በላይ ይጫናል ብለው ተከራክረዋል። ይህ ክርክር ዘዴውን አይጥለውም፤ የመምህሩን ድርሻ ግን ያጠብቀዋል። እዚህ በቀረበው ዕቅድ መምህሩ ጥያቄውን ይሰጣል፣ የመለኪያውን ዘዴ ያሳያል፤ ምን ተለውጦ ምን እንደሚጸና የሚወስኑት ግን ተማሪዎቹ ናቸው።

ዓላማው እንዴት ይጻፍ

በብዙ የዕለት ዕቅዶች ላይ «ተማሪው ስለ ፔንዱለም ይገነዘባል» የሚል ዓላማ ይነበባል። መገንዘብ በዓይን አይታይም፤ በክፍለ ጊዜው መጨረሻም ሊመዘን አይችልም። ዓላማ ሲጻፍ ተማሪው በሥራ የሚያሳየው ነገር መሆን አለበት። ለዚህ ትምህርት ሦስት ዓላማዎች ይበቃሉ። ተማሪው የአሥር ውዝዋዜ ጊዜን ለክቶ በሠንጠረዥ ይመዘግባል። አንድን ምክንያት ለመፈተን ሌሎቹን ባሉበት የሚያቆይ ሙከራ ይነድፋል። ከክፍሉ የተሰበሰበውን ቁጥር ጠቅሶ ከሦስቱ የትኛው የውዝዋዜውን ጊዜ እንደሚለውጥ ያስረዳል። ከሦስቱ ዋናው ሁለተኛው ነው። የፔንዱለምን ሕግ ተማሪው በሚቀጥለው ዓመት ሊረሳው ይችላል፤ አንዱን ብቻ እየለወጡ መፈተን ግን ለማዳበሪያ ሙከራም ለመድኃኒት ሙከራም የሚያገለግለው ያው መንገድ ነው።

አርባ ስምንት ተማሪ ላለበት ክፍል ስድስት ስድስት ሰው ያለባቸው ስምንት ቡድኖች ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሜትር ያህል የማይለጠጥ ጠንካራ ክር፣ ከዕቃ መለዋወጫ ሱቅ የሚገዙ አምስት እኩል የቡሎን ዳዶዎች፣ እንደ መንጠቆ የተጣመመ ቀጭን ሽቦ፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተርና ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ወይም የእጅ ሰዓት ያስፈልጋል። እርሳስ በዴስክ ጠርዝ ላይ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ በፕላስተር ይጣበቃል፤ ክሩ ከእርሳሱ ላይ ይንጠለጠላል። ሰዓቱ አንድ ብቻ ከሆነም ትምህርቱ አይቀርም፤ መምህሩ ከፊት ቆሞ በየሴኮንዱ ጠረጴዛውን እያንኳኳ ሊቆጥር ይችላል፤ ልኬቱ ግን ሻካራ ይሆናል።

መምህሩ ቀን ቀደም ብሎ ሙከራውን በዚያው ዕቃ ራሱ መሥራት አለበት። ይህ የማይዘለል ነገር ነው። ክሩ ከእርሳሱ ላይ ቢንሸራተት፣ ወይም ዴስኩ ዝቅ ብሎ ስድሳ ሳንቲ ሜትሩ ክር መሬት ቢነካ፣ ችግሩ በተማሪዎቹ ፊት ከሚታይ አስቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

መምህሩ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ክሮች ይዞ ይገባል። በአንዱ ጫፍ አንድ ዳዶ፣ በሌላው አምስት ዳዶ አለ። ሁለቱንም ወደ ጎን ስቦ ይይዝና አይለቅም። «ብለቃቸው የትኛው ቀድሞ ይመለሳል?» ብሎ ይጠይቃል። እጅ አስወጥቶ ከባዱ ያሉትን፣ ቀላሉ ያሉትን፣ እኩል ያሉትን ቆጥሮ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። አብዛኛው ክፍል ለከባዱ ድምፅ ቢሰጥ አያስገርምም። መምህሩ ከሁሉም ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ክሮቹን ከለቀቀ መልሱ ታየ፤ «ጎበዝ» ብሎ አንዱን ካመሰገነም መልሱ ተነገረ። ድምፁ እንደተቆጠረ ክሮቹን ያስቀምጣቸዋል። ግምቱን በይፋ የሰጠ ተማሪ ሙከራውን የሚሠራው የራሱን ነገር ለማወቅ ነው።

በአምስተኛው ደቂቃ ቡድኖቹ ዕቅድ ማውጣት ይጀምራሉ። ሦስቱም ምክንያቶች በሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ፤ ክብደት፣ የተሳበበት ርቀት፣ የክር ርዝመት። እያንዳንዱ ቡድን ሦስቱንም ይፈትን ቢባል ጊዜው አይበቃም። አንድ ምክንያት በሦስት መጠን ሲፈተን፣ እያንዳንዱም ሦስት ጊዜ ሲለካ ዘጠኝ ልኬት ይሆናል፤ ሦስቱም ምክንያቶች ሲሆኑ ሃያ ሰባት ነው። ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል። ሦስት ቡድኖች ክብደትን፣ ሁለት ቡድኖች ርቀትን፣ ሦስት ቡድኖች ርዝመትን ይወስዳሉ። አንዱን ጥያቄ ከአንድ በላይ ቡድን የሚሠራው በኋላ ቁጥሮቹ እንዲነጻጸሩ ነው።

ክር ከመሰጠቱ በፊት ቡድኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማሳየት አለበት፤ «የምንለውጠው ይህንን ነው፤ የማንለውጠው ይህንና ይህንን ነው።» መምህሩ እየዞረ የሚያነበው ይህንን ብቻ ነው። ክብደትን የሚፈትን ቡድን «ክሩ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆያል፣ ሁልጊዜ 6 ሳንቲ ሜትር ስበን እንለቃለን» ብሎ ካልጻፈ ዕቃው አይሰጠውም። ስህተቱ ምን እንደሆነ ግን አይነገረውም፤ «የዘንድሮውና የአምናው ምርት የተለያየው በማዳበሪያው ነው ወይስ በዝናቡ? ሁለቱም ቢለወጡ እንዴት ታውቃላችሁ?» የሚል ጥያቄ ጥሎለት ይሄዳል።

አሥራ አምስት ደቂቃ ሙከራ

የመለኪያው ዘዴ አንድ ነው። ዳዶው ይሳባል፣ ሳይገፋ ይለቀቃል፣ ሄዶ ወደ ተለቀቀበት ሲመለስ አንድ ውዝዋዜ ይባላል፤ የአሥሩ ጊዜ ይመዘገባል። አሥር የሚቆጠርበት ምክንያት አለ። ሰዓት የሚይዘው ልጅ ጣቱን ለመጫን አንድ አምስተኛ ሴኮንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል። አንድ ውዝዋዜ አንድ ሴኮንድ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ይህ መዘግየት ልኬቱን ያበላሸዋል፤ በአሥር ውዝዋዜ ላይ ሲከፋፈል ግን ከቁጥር አይገባም።

ምን ቁጥር እንደሚጠበቅ መምህሩ ማወቅ አለበት። ክሩ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አሥር ውዝዋዜ 7.8 ሴኮንድ ይወስዳል፤ 30 ሲሆን 11 ሴኮንድ፤ 60 ሲሆን 15.5 ሴኮንድ። ርዝመቱ የሚለካው ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ዳዶው መካከል ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር ክር ላይ ዳዶው አንድም ይሁን አምስት፣ የተሳበውም 3 ይሁን 9 ሳንቲ ሜትር፣ ውጤቱ ያው 11 ሴኮንድ አካባቢ ነው። በዚህ መካከል የሁለትና የሦስት አሥረኛ ሴኮንድ ልዩነት ቢታይ የእጅ ነው።

ከዚህ የራቀ ቁጥር ሲመጣ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ ራሱ ይታወቃል። በ11 ፋንታ 9.9 ያገኘ ቡድን ዳዶውን ሲለቅ «አንድ» ብሎ መቁጠር ጀምሯል፤ ስለዚህ የለካው ዘጠኝ ውዝዋዜ ነው። ሲለቀቅ «ዜሮ» ማለት አለበት። 5.5 ያገኘ ደግሞ መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ሌላ አንድ ብሎ ቆጥሯል። እነዚህ ቀላል ናቸው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ትክክል የሚመስለው ስህተት ነው። ክብደትን የሚፈትን ቡድን ዳዶዎቹን አንዱን ከሌላው ሥር እየቀጠለ ቢያንጠለጥል፣ ሦስት ሲሆኑ 11.4፣ አምስት ሲሆኑ 11.7 ሊያገኝ ይችላል። ቁጥሩ በሥርዓት እየጨመረ ይሄዳል፤ ሦስት ጊዜ ቢደገምም አይለወጥም። ቡድኑም «ክብደት ሲጨምር ውዝዋዜው ይዘገያል» ብሎ ይደመድማል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ዳዶ ስፋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ አምስቱ ተቀጣጥለው ሲንጠለጠሉ የክብደቱ መካከል በአራት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ፔንዱለሙ ከ30 ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ረዘመ ማለት ነው። ቡድኑ ሳያውቅ ሁለት ነገር ለውጧል። ዳዶዎቹ ሁሉ በአንድ መንጠቆ ላይ ጎን ለጎን ሲገቡ ልዩነቱ ይጠፋል። መምህሩ ይህን ሲያይ ወዲያው ማረም የለበትም። ያ ቡድን ያገኘው ቁጥር ለውይይቱ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው።

ርቀትን ከሚፈትኑት መካከልም ክሩን እስከ ትከሻው ድረስ የሚስብ አይጠፋም። በ60 ዲግሪ ሲለቀቅ አሥር ውዝዋዜ 11 መሆኑ ቀርቶ 11.8 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ይህ ግን የእጅ ስህተት አይደለም። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1602 ለጊዶባልዶ ዴል ሞንቴ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰፊውም ጠባቡም ውዝዋዜ እኩል ጊዜ ይወስዳል ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በሰፊው ላይ እኩልነቱ እንደማይጸና በስሌት ያሳየው ከእርሱ በኋላ የመጣው ክርስቲያን ሃይገንስ ነው። ስለዚህ 11.8 ያገኘ ተማሪ ተሳስተሃል ሊባል አይገባም፤ ከጋሊሊዮ ያመለጠውን አግኝቷል። ለዕለቱ ትምህርት ግን ከ20 ዲግሪ በታች ያለው ይበቃል።

ቁጥሮቹ ሲገናኙ

በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ዕቃው ከእጅ ይወርዳል። ካልወረደ ማንም አይሰማም። ከየቡድኑ አንድ ሰው ወጥቶ ቁጥሮቹን በሰሌዳው ላይ በተዘጋጀው ሠንጠረዥ ይሞላል። መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕጉን ሳይሆን «የማን ቁጥር ከማን ጋር አልተስማማም?» የሚለውን ነው።

ዳዶ ያቀጣጠለው ቡድን 11.7 ጽፏል፤ በአንድ መንጠቆ ያደረጉት ሁለቱ ደግሞ 11 ጽፈዋል። ሦስቱም ክብደት ነው የፈተኑት። ቡድኖቹ ፔንዱለማቸውን አንሥተው እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ የአንዱ ከሌላው ወደ ታች መርዘሙን የሚያስተውል ተማሪ ብዙ ጊዜ አይታጣም። ከጠፋ መምህሩ ማስመሪያውን አቅርቦ «ከእርሳሱ እስከ ዳዶዎቹ መካከል ስንት ነው?» ይላል። ከዚህ በላይ መርዳት አያስፈልገውም።

ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው «ምንም አላገኘንም» የሚለው ቡድን ነው። ክብደቱን ጨምሮ ቁጥሩ ሳይለወጥ የቀረበት ተማሪ ሙከራው የከሸፈ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም የተለወጠ ለማስመሰል ቁጥሩን ሲያስተካክል ይገኛል። መምህሩ የመጀመሪያውን ድምፅ በሰሌዳው ላይ ያሳየዋል፤ አብዛኛው ክፍል ይለወጣል ብሎ ነበር፣ ይህ ቡድን ደግሞ እንዳልተለወጠ በዘጠኝ ልኬት አሳይቷል። ሁለቱ ክሮች በሁሉም ፊት የሚለቀቁት አሁን ነው።

ከዚያ ርዝመቱ ይቀራል። ክሩ ከ15 ወደ 30 ሲያድግ፣ ማለትም እጥፍ ሲሆን፣ ጊዜው እጥፍ አልሆነም፤ ከ15 ወደ 60፣ አራት እጥፍ ሲሆን ነው ከ7.8 ወደ 15.5 ገደማ እጥፍ የሆነው። ይህን ከሠንጠረዡ የሚያነብ ተማሪ ካለ ይነገር፤ ከሌለ ለሌላ ቀን ይቆይ። የካሬ ሥር ቀመሩ የበላይ ክፍል ነው፤ እዚህ ቢገባ ምዘናው የሚደረግበትን ጊዜ ይወስዳል። «ፔንዱለም» እና «ተለዋዋጭ» የሚሉት ስያሜዎች ግን አሁን ይሰጣሉ፤ ተማሪው የሚሰየመውን ነገር ስላየው ቃሉ ባዶ አይሆንበትም።

የመጨረሻዎቹ ሰባት ደቂቃዎች

በሠላሳ ሦስተኛው ደቂቃ እያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ወረቀት ያወጣል። ምዘናው በግል ነው፤ በቡድን ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ አምስቱን ሊሸፍን ስለሚችል። «የፔንዱለም ጊዜ በምን ይወሰናል?» ተብሎ ቢጠየቅ ሰሌዳውን ያየ ሁሉ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ዓላማ መሳካቱ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። አንዲት ተማሪ በ30 ሳንቲ ሜትር ክር አንድ ዳዶ አንጠለጠለች፤ ወንድሟ በ60 ሳንቲ ሜትር ክር ሦስት ዳዶ አንጠለጠለ። የወንድሟ ፔንዱለም ዘገየ። እርሱም «ክብደቱ ነው ያዘገየው» አለ። ሙከራው የሚለውን ያረጋግጣል? ካላረጋገጠ ምን ለውጦ ይድገም? ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ ፔንዱለም ያለው የግድግዳ ሰዓት በየቀኑ ወደ ኋላ ይቀራል። የሚወዛወዘው ክብደት ወደ ላይ ከፍ ይደረግ ወይስ ወደ ታች ዝቅ? ለምን?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ መልስ የሚባለው ሁለት ነገር በአንድ ላይ መለወጡን ጠቅሶ ክሩን እኩል አድርጎ ይድገም የሚለው ነው። «ርዝመት እንጂ ክብደት አይደለም» ብሎ ብቻ የጻፈ ውጤቱን ያውቃል፤ የሙከራውን ጉድለት ግን አላየም፤ ግማሽ ነው። ክብደቱ ነው ያለ ደግሞ ገና ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የተገኘውን ወደ አዲስ ነገር የማሻገር ፈተና ነው። ሰዓቱ የሚዘገየው ውዝዋዜው ስለረዘመ ነውና ክብደቱ ከፍ ሲል ፔንዱለሙ ያጥርና ይፈጥናል።

ወረቀቶቹ ማርክ አይሰጣቸውም። መምህሩ በመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብቻ በሦስት ይከምራቸዋል፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ገና። ከአርባ ስምንቱ ከአሥራ ስድስት በላይ የሚሆኑት በሦስተኛው ክምር ውስጥ ከገቡ፣ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወደ አዲስ ርእስ አይሄድም። መምህሩ አንድ ሜትር ክር ከበሩ መቃን ላይ አስሮ ይጠብቃቸዋል፤ ተማሪዎቹም ዳዶው ከመለቀቁ በፊት አሥሩ ውዝዋዜ ስንት ሴኮንድ እንደሚወስድና ሙከራው ትክክለኛ እንዲሆን ምን ሳይለወጥ መቆየት እንዳለበት ይጽፋሉ። ሰዓቱ የሚያሳየው 20 ሴኮንድ ነው።